ደብተራ ዘነብና አለቃ ወልደ ማርያም ስለ አንድ ንጉሥ

ጥያቄ፦ «ጎንደር ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ‹ታሪክ የጻፈው አሸናፊ ነው፤ ታዲያ ለምን እንመነው?› እያሉ ይጠይቁኛል። ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሱ አንዱ ዜና መዋዕል ያወድሳል፣ ሌላው ይወቅሳል። ባለሙያዎች እንዲህ ካለ አድሏዊ ጽሑፍ እውነቱን የሚያወጡት እንዴት ነው? ሂስቶሪዮግራፊ የሚሉትስ ምኑ ነው?»

መልስ፦

ሰላም መምህር። በጥያቄዎ ውስጥ ሁለት ሥራዎች ስላሉ አስቀድሜ ልለያቸው። አንደኛው ምንጭን መመርመር ነው። ይህን ጽሑፍ ማን ጻፈው፣ መቼ፣ ለማን፣ በዓይኑ ምን አይቶ፣ ከሰው ምን ሰምቶ? ሁለተኛው ሂስቶሪዮግራፊ ወይም የታሪክ አጻጻፍ ጥናት የምንለው ሲሆን የሚመረምረው ራሳቸውን ታሪክ ጸሐፊዎቹን ነው። ስለ አንድ ዘመን በየትውልዱ ምን ተጻፈ፣ ጸሐፊዎቹ ምን ጥያቄ ይዘው ተነሡ፣ ጥያቄው ከጊዜ በኋላ ለምን ተለወጠ? ተማሪዎችዎ የሚያነሡት የመጀመሪያውን ስለሆነ ረዘም አድርጌ የማስረዳው እሱን ነው፤ ሁለተኛውን መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። ለማሳያም የራሳችሁን ከተማ ነገር ልውሰድ፤ በ1859 ዓ.ም መጀመሪያ ወራት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር 1866 ሊያልቅ ሲል፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን ዘርፈው ያቃጠሉበትን።

«የጻፈው አሸናፊ ነው» የሚለው አባባል እዚህ ጋ ወዲያው ይቸገራል። አሸናፊው ማን ነው? አወዳሹ ደብተራ ዘነብ የጻፈው ንጉሡ በድል ላይ ሳሉ፣ በእሳቸው ጥላ ሥር ሆኖ ነው። እስከዚያ ዜና መዋዕል በግዕዝ ሲጻፍ ኖሮ እሱ በአማርኛ ጻፈው፤ ይህም ብቻውን ለማን እንደጻፈ ይጠቁማል። ወቃሹ አለቃ ወልደ ማርያም ግን የጻፈው ንጉሡ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም መቅደላ ላይ ከሞቱ ከዓመታት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ቴዎድሮስ ተሸናፊ ነበሩ፤ የሚቆጣም የሚሾምም የእሳቸው ወገን ቤተ መንግሥት አልነበረም። ስለዚህ ያወደሰውም አሸናፊን ያወደሰ ነው፤ የወቀሰውም ንጉሡ ከወደቁ፣ በበደላቸው ቂም የያዘባቸው ወገን በሕይወት ከተረፈ በኋላ የጻፈ ነው። ሁለቱም ጽሑፎች ያዘነብላሉ፤ የሚያዘነብሉት ግን ወደ ተለያየ አቅጣጫ ነው። የታሪክ ባለሙያ መጀመሪያ የሚፈልገው ይህንን አቅጣጫ ነው፤ ምክንያቱም ዝንባሌው ወዴት እንደሆነ ከታወቀ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ለየብቻ መመዘን ይቻላል። «አድሏዊ ነው» ብሎ መጽሐፉን በሙሉ መጣል ግን ያለንን ማስረጃ መጣል ነው።

አቅጣጫውን ለማወቅ የጸሐፊውን ኑሮ ማየት ያስፈልጋል። አለቃ ወልደ ማርያም የቤተ ክህነት ሰው ነው፤ ለጳጳሱ ለአቡነ ሰላማም ያለው አክብሮት ከጽሑፉ ይነበባል። ቴዎድሮስና ካህናቱ ደግሞ የተጣሉት በመሬት ነው። ንጉሡ ሠራዊታቸውን በዘረፋ ሳይሆን በደመወዝ ሊያስተዳድሩ አሰቡ፤ ለዚህም ገንዘብ ያስፈልጋል፤ መሬቱ ግን በብዛት በቤተ ክርስቲያን እጅ ነበር። በ1852 ዓ.ም ለየአንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃዋል ብለው ለእነዚህ የሚበቃ መሬት ብቻ አስቀርተው የተረፈውን ለገባር እንዲሰጥ አዘዙ። ጎንደርን ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። አንድ ደብር ከመቶ በላይ ደብተራና ካህን የሚያስተዳድርባት ከተማ አምስት ሰው ብቻ ይቅር ስትባል ከመሬቷ ጋር ትምህርት ቤቷም፣ ዜማዋም፣ ቅኔዋም ይናጋል። በመጨረሻ አቡነ ሰላማ ራሳቸው መቅደላ ላይ ታስረው እዚያው ዐረፉ። እንግዲህ አንድ አለቃ ስለዚህ ንጉሥ ሲጽፍ የሚጽፈው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ከዚህ የሚወጣው የመጀመሪያ መመዘኛ ቀላል ነው። ወልደ ማርያም ስለ ንጉሡ ክፋት ሲጽፍ ሌላ ደጋፊ ማስረጃ እንፈልጋለን፤ ስለ ንጉሡ ደግነት ወይም ብርታት ሲጽፍ ግን ቃሉ ከባድ ነው፤ ከዝንባሌው ጋር ስለሚጋጭ እውነት ካልሆነ በቀር የሚጽፍበት ምክንያት አይታይም። ዘነብ ላይ ይህ ይገለበጣል። እሱ ስለ ድሉና ስለ ርኅራኄው የሚናገረውን በጥንቃቄ እንቀበላለን፤ ቅጣትና ጭካኔ ሲመዘግብ ግን ጆሯችንን እንሰጠዋለን። አንድ ወጥመድ ግን አለ፤ ተማሪዎችዎ እንዲያዩት እፈልጋለሁ። በእኛ ዓይን ጭካኔ የሆነው ነገር ለዘነብ ጭካኔ ላይሆን ይችላል። በዚያ ዘመን የሽፍታን እጅና እግር ማስቆረጥ የንጉሥን ግርማ የሚያሳይ ፍርድ ተብሎም ይተረክ ነበር። ከሆነ ደግሞ ዘነብ የጻፈው በጌታው ላይ ሳይሆን ለጌታው ክብር ነው፤ ቁጥሩንም ሊያበዛው ይችላል። «በራሱ ላይ መሰከረ» ከማለታችን በፊት ጸሐፊው ራሱ ነገሩን እንደ ነውር ይቆጥረው እንደነበር ማረጋገጥ አለብን።

ሁለተኛው መመዘኛ ዝምታን ይመለከታል። ብዙ ሰው «ዘነብ የጎንደርን መቃጠል ደበቀ» ይላል። አልደበቀም። ዘነብ ትረካውን ያቆመው ጎንደር ከመቃጠሏ ከዓመታት በፊት ነው፤ ያልደረሰበትን ሊደብቅ አይችልም። ዝምታ ማስረጃ የሚሆነው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው፤ ጸሐፊው ነገሩን ማወቅ ነበረበት፣ ትረካው ያንን ጊዜና ቦታ የሚሸፍን መሆን አለበት፣ እንደ ልማዱም ቢሆን ያንን ዓይነት ነገር ሳይጽፍ አያልፍም ነበር። አንዱ ከጎደለ ዝምታው ዝምታ ብቻ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ዜና መዋዕል ስታስነብቡ መጀመሪያ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያቆም ይጠይቋቸው። ትንሽ ጥያቄ ይመስላል፤ ሆኖም ብዙ ክርክር የሚወድቀው እዚሁ ላይ ነው።

ሦስተኛው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው፣ ምስክሮቹ እርስ በርሳቸው ሳይመካከሩ፣ አንዱም ከሌላው ሳይሰማ የተናገሩ መሆናቸው ነው። ስለ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ዓመታት ብዙ ዝርዝር የጻፉት የታሰሩት የውጭ ሰዎች ናቸው፤ ሆርሙዝድ ራሳምና ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ ይገኙበታል። እንግሊዝ መቅደላን ከያዘች በኋላ መጽሐፋቸውን አሳትመው በሰፊው ተነበቡ። የእነሱ ዝንባሌ ግልጽ ነው፤ እነሱን ለማስፈታት ትልቅ ጦር ዘምቷል፤ ንጉሡ በጣም አስፈሪ ሆኖ በታየ ቁጥር ዘመቻው ትክክል ይሆናል። እኔ ግን ከዚህ ይልቅ ልብ የምለው ሌላ ነገር አለ፤ ሁለቱም ጎንደር ከመቃጠሏ ከወራት በፊት ወደ መቅደላ ተወስደው በሰንሰለት ታስረው ነበር። ጎንደር ስትነድ አላዩም። የጻፉት ከሌላ የሰሙትን ነው። በንጉሡ ካምፕ የነበሩት የጋፋት ሠራተኞች፣ መድፍ እንዲሠሩላቸው ያደረጓቸው ጀርመንኛ ተናጋሪ ሚስዮናውያን፣ ለነገሩ የቀረቡ ነበሩ፤ ግን ኑሯቸው በንጉሡ ፈቃድ ላይ የቆመ ነበር። እንግዲህ አምስት መጽሐፍ «ጎንደር ተቃጠለች» ቢል አምስት ምስክር ነው ብለን አንቆጥርም። ዳኛ ፊት አምስት ሰው ቀርቦ አራቱ «አምስተኛው ነገረኝ» ቢሉ ዳኛው የሰማው አንድ ምስክር ነው። ወሬው በየት በኩል እንደመጣ፣ የማን ደብዳቤ ለማን እንደደረሰ ተከታትለን ነው ስንት ምስክር እንዳለን የምናውቀው።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ ወገንተኛ መሐል የጎንደርን መዘረፍ በእርግጠኝነት የምንናገረው በምን ተመሥርተን ነው? ለመመስከር ብለው ባልተጻፉ ነገሮች ነው። ንጉሡ ከጎንደር አድባራት የሰበሰቧቸውን የብራና መጻሕፍት በመቅደላ ሊሠሩት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው አከማችተው ነበር። እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ክምችቱን ዘርፈው 350 ገደማ የሚሆነው ለንደን ወደሚገኘው የብሪታንያ ሙዚየም ገባ። ከእነዚያ ብራናዎች በብዙዎቹ ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ «ዛቲ መጽሐፍ ዘ…» ብሎ የሚጀምር ማስታወሻ አለ፤ ቀጥሎ የጎንደር ደብር ስም ይመጣል። ማን እንዳሠራው፣ ለየትኛው ታቦት እንደሰጠው፣ የሰረቀው የተወገዘ ይሁን የሚለውም ይጨመርበታል። ያንን ማስታወሻ የጻፈው ሰው ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ እንደሚነሣ አያውቅም ነበር፤ እሳቸውን ሊወቅስም ሊያወድስም አይችልም። የተጨነቀው ስለ ደብሩ መጽሐፍ ብቻ ነው። ያ ማስታወሻ ለንደን ውስጥ፣ ከመቅደላ በመጣ ብራና ላይ ሲገኝ ግን መጽሐፉ ከጎንደር ወደ መቅደላ መሄዱን ይመሰክራል። አለቃ ወልደ ማርያም ስለ ዘረፋው የጻፈው እዚህ ላይ እሱን ከማያውቅ ሰው ድጋፍ አገኘ።

ይህም ቢሆን ወሰን አለው፤ ከወሰኑ አልፎ ማንበብ ደግሞ የተለመደ ስሕተት ነው። ማስታወሻው መጽሐፉ የማን እንደነበረ ይናገራል፤ በምን ቀን፣ በምን ሁኔታ እንደተወሰደ አይናገርም። ንጉሡ ጎንደርን ከዚያ ሁለት ዓመት ገደማ ቀደም ብለውም ዘርፈዋል፤ አንዱ ብራና በየትኛው ጊዜ እንደሄደ ማስታወሻው አይለይም። ደግሞ መዘረፍና መቃጠል አንድ አይደሉም። ብራናው መወሰዱ ደብሩ መቃጠሉን አያረጋግጥም።

ጎንደሬው በተለይ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ከተማዋ የተቃጠለችው ሁለት ጊዜ ስለሆነ። በጥር 1880 ዓ.ም በአቡ አንጃ የሚመራው የድርቡሽ ጦር ገብቶ አድባራቱን አቃጠለ። ከሃያ ዓመት በጥቂት የሚበልጥ ልዩነት ነው። ሁለቱን እሳት በዕድሜው ያየ ሰው ነበር፤ ለልጅ ልጅ ሲነገር ግን አንድ እሳት ይሆናሉ። ተራኪው ቴዎድሮስን የሚወድ ከሆነ ሁሉም ደብር በድርቡሽ ይቃጠላል፤ የሚጠላቸው ከሆነ ሁሉም በቴዎድሮስ። ማንም አልዋሸም፤ ትዝታው ራሱ ወደ አንድ ወገን አዘንብሏል። «አርባ አራቱ ታቦት ተቃጠለ» ሲባልም ቁጥሩን እንደ ቆጠራ አንይዘውም። አርባ አራት የጎንደር አድባራት የክብር ቁጥር ነው፤ የሚናገረው ከተማዋ ሙሉ እንደነበረች ነው። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ድርቡሾች ሲመጡ ንብ ወጥቶ አባረራቸው ይባላል። ንቡን ለማረጋገጥ መንገድ የለኝም። ያ ትረካ የሚነግረኝ ግን ሌላ ነው፤ ደብሩ መትረፉን ሕዝቡ ማብራራት አስፈልጎታል፤ ማለትም በአካባቢው የነበሩት አለመትረፋቸውን ያስታውሳል። አፈ ታሪክ እንዲህ ሲነበብ ብዙ ይሰጣል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ደብር ለየብቻ መጠየቅ ነው ያለብን። በሁለቱ እሳት መካከል ባሉት ዓመታት በደብሩ መጽሐፍ ኅዳግ ላይ የመሬት ውል ወይም የልገሳ ማስታወሻ ተጽፏል ወይ? ከተጻፈ ቢያንስ የደብሩ ማኅበር አልተበተነም ማለት ነው። በዚያ መካከል ጎንደርን ያየ መንገደኛ ሕንፃውን ቆሞ ነው ወይስ ፈርሶ ያገኘው? ሕንፃው ታድሶ ከሆነ አሠሪው ማን ይባላል፣ በማን ዘመን? እነዚህን ለአንድ ደብር አሟልቶ ማግኘት ራሱ ብዙ ድካም ነው፤ ሁሉም ደብርም አያሟላም። ተማሪዎችዎን ለዚህ ማሰማራት ይቻላል፤ ሽማግሌዎችን ሲጠይቁ «ማን አቃጠለው?» ብለው አይጀምሩ፤ መልሱን አብረው ሰጡ ማለት ነው። «ይህ ደብር ስንት ጊዜ ተሠራ? ማን አሠራው? ይህንንስ ከማን ሰሙት?» ይበሉ።

አሁን አንድ ነገር አለ፤ ዜና መዋዕል ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው በድርጊቱ ሳይሆን በምክንያቱ ነው። ንጉሡ ጎንደር መግባታቸውን፣ መዝረፋቸውን፣ ማቃጠላቸውን ጠላትም ወዳጅም አይክድም። ለምን? ለካህን ጸሐፊ መልሱ ቅርብ ነው፤ ንጉሡ እግዚአብሔርን ረሱ፣ ርኩስ መንፈስ አደረባቸው። ለእንግሊዛዊው እስረኛም ቅርብ ነው፤ አእምሯቸውን ሳቱ። ሁለቱም ምክንያቱን በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ያስቀምጡታል፤ ማናቸውም ግን ያንን ልብ አላዩም። እኛ የምናየው ሌላ ነው፤ በዚያ ጊዜ በየአውራጃው ሸፍተውባቸው ግዛታቸው ወደ በጌምድር አካባቢ ጠብቦ ነበር፤ ግብር የሚያስገባ አገር ጠፍቶ ሠራዊቱ የሚበላው አጥቷል፤ ከተማዋም ለሽፍቶች በሯን ከፍታለች ተብላ ተጠርጥራለች። ይህ በደሉን አያቀለውም። ግን ምክንያትን ስንጽፍ ሊታይ ከሚችል ነገር እንጀምራለን፤ የንጉሡን ነፍስ ለጸሐፊዎቹ እምነት እንተወዋለን።

ሐሜትም እንዲሁ በልዩ ሚዛን ይመዘናል። ቴዎድሮስ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ተብለው መሰደባቸውን ጎንደር ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ይህን ብሎ የፎከረው ደጃዝማች ወንድይራድ ሲማረክ ኮሶ ጠጣ የተባለበትም ተረት ይነገራል። ስድቡ እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ኮሶ መሸጣቸውን አያረጋግጥም፤ ጠላት ለመስደብ የሚመርጠው ቃል ማስረጃ አይደለም። የሚያረጋግጠው ግን የመሳፍንቱ ወገን ካሣን ከእኩዮቹ በታች አድርጎ ያይ እንደነበር ነው። ነገሩ ምን ያህል ይቆረቁራቸው እንደነበርም በሌላ በኩል ይታወቃል፤ ሄንሪ ስተርን የሚባለው ሚስዮናዊ ይህንኑ የኮሶ ወሬ ለንደን ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ጽፎ ስለነበር በ1856 ዓ.ም ተይዞ ተደበደበ፤ ታሠረም። ስለ እናታቸው ምንም የማያውቅ ምንጭ ስለ ልጃቸው ቁስል እውነቱን ነገረን።

ወደ ሂስቶሪዮግራፊ ልመለስ። ከላይ ያየናቸው ምንጮች ከመቶ ዓመት በላይ ብዙም አልተለወጡም፤ የተለወጠው ጥያቄው ነው። ለወልደ ማርያም ትውልድ ጥያቄው «ይህ ንጉሥ በእግዚአብሔር ፊት ምን ነበር?» የሚል ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ግን ማዕከላዊ መንግሥት እየጠነከረ ሲሄድ ጸሐፊዎቻችን ከዘመነ መሳፍንት ያወጣንን ሰው መፈለግ ጀመሩ፤ ቴዎድሮስም ከተወገዘ ንጉሥ ወደ አንድነት መሥራች ተለወጡ። ተክለ ጻድቅ መኩሪያ በ1981 ዓ.ም ያሳተሙትን መጽሐፍ «ዐፄ ቴዎድሮስና የኢትዮጵያ አንድነት» ብለው መሰየማቸው ምን ጥያቄ ይዘው ወደ ምንጮቹ እንደሄዱ ያሳያል። በዚያ ጥያቄ ሲታይ የጎንደር መቃጠል የአሳዛኝ ፍጻሜ አንድ ምዕራፍ ይሆናል። ዶናልድ ክረሚ የሚባለው የታሪክ ባለሙያ ደግሞ በ1960ዎቹ መጨረሻ በአውሮፓ አቆጣጠር ንጉሡን በለውጥ አራማጅነታቸው ካጠና በኋላ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ በሌላ ጽሑፍ ዐመፃቸውን ለብቻው አጠና። አንድ ሰው፣ ያው ምንጮች፣ ሁለት ጥያቄ፤ ሁለት የተለያየ ቴዎድሮስ ወጣ፤ አንዱም ግን ከሌላው ጋር አይጣላም።

ተማሪዎችዎ እዚህ ላይ «ታዲያ ሁሉም አስተያየት ነው» ሊሉ ይችላሉ። አይደለም። ጥያቄው ቢለወጥም ምንጩ ሊሸከመው የማይችለው መልስ አለ። «ቴዎድሮስ ጎንደርን አልዘረፉም» የሚል ሰው ለንደን ያሉትን ብራናዎች ማስታወሻ ማብራራት አለበት። «ጎንደርን ያጠፏት ቴዎድሮስ ብቻ ናቸው» የሚለውም የ1880ውን እሳት መመለስ አለበት። «የትኛው ደብር በየትኛው እሳት ነደደ?» ለሚለው ግን እስካሁን ለሁሉም ደብር መልስ የለንም፤ የሚያስፈልገውም አዲስ ዜና መዋዕል ሳይሆን በየደብሩ ዕቃ ቤት ያሉትን መጻሕፍት ኅዳግ አንድ በአንድ ማንበብ ነው።